«-በት» የጉዳት ምልክት ነው? የአንድ ግሥ ቅጥያ ግሎስና ለገምጋሚ የተሰጠ መልስ፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

አንድ ተመራማሪ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ወደ ፊት ስለሚወጡ ሐረጎች የሚያትት ጽሑፍ ለአንድ የሥነ ልሳን መጽሔት ላከ። «በዚህ ብዕር ብዙ ደብዳቤ ጽፎበታል» ዓይነት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከፊት የመጣው «በዚህ ብዕር» ግሡ ላይ ካለው «-በት» ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነበር ጥያቄው። ቅጥያው ራሱ የጥናቱ ዋና ጉዳይ ባይሆንም በምሳሌዎቹ ውስጥ በየገጹ ይመላለሳል፤ ስለዚህ በየምሳሌው ሥር ግሎስ ይፈልጋል። ግሎስ ማለት ምሳሌው በምእላድ በምእላድ ተከፋፍሎ ከተጻፈ በኋላ በእያንዳንዱ ምእላድ ትይዩ የሚቀመጠው አጭር ፍቺ ወይም ምልክት ነው። ከእሱ በታች ደግሞ የሙሉው ዐረፍተ ነገር ነጻ ትርጉም ይመጣል።

ተመራማሪው «-ለት» እና «-በት» ውስጥ ያሉትን ሁለት ቅጥያዎች በአንድ ምልክት፣ አፕሊካቲቭ በሚለው፣ አስቀምጧቸው ነበር። አፕሊካቲቭ የሚባለው ግሡ በራሱ የማይጠይቀውን ተሳታፊ ወደ ግሡ የሚያስገባ ምልክት ነው። በጽሑፉ ምሳሌ 4 እና 5 የሆኑት «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» እንዲህ ቀርበው ነበር፦

```
färräd-ä-ll-ät
judge.PFV-3SG.M.SBJ-APPL-3SG.M.OBJ

färräd-ä-bb-ät
judge.PFV-3SG.M.SBJ-APPL-3SG.M.OBJ
```

የገምጋሚው ተቃውሞ

ከሁለቱ ገምጋሚዎች አንደኛው ጽሑፉን በጥቅሉ ወደውታል። ሁለተኛው ግን ከጻፏቸው አስተያየቶች በአንዱ ላይ ጠንከር አሉ። የአስተያየቱ ይዘት ይህ ነበር፦ በአማርኛ «-ለት» የጥቅም፣ «-በት» የጉዳት ምልክት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ምሳሌ 4 እና 5 ትርጉማቸው ተቃራኒ ሆኖ ሳለ ግሎሳቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፉ ሁሉ የመጀመሪያው `BEN`፣ ሁለተኛው `MAL` ተብሎ ይስተካከል።

ይህን አስተያየት ሲያነቡት አንድ ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት የተለያዩ ክሶች አሉ። አንደኛው ግሎሱ ሁለት የተለያዩ ቅጥያዎችን አንድ አስመስሏል የሚል ነው። ሁለተኛው ትክክለኛው ምልክት የጉዳት ምልክት ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ክስ ትክክል ሆኖ ሁለተኛው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ እዚህም የሆነው ይኸው ነው። «ፈረደለት» ማለት ዳኛው ለሰውየው ወሰነ፣ «ፈረደበት» ማለት በሰውየው ላይ ወሰነ ማለት ነው። አማርኛ የማያውቅ አንባቢ ሁለቱን ግሎሶች አይቶ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችልም። ግሎስ የሚጻፈው ደግሞ በዋናነት ለዚሁ አንባቢ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ለምን አልሠራም

ተመራማሪው በመጀመሪያ ያዘጋጀው የመልስ ደብዳቤ ሁለቱን ክሶች አልለየም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ተቃወመ። ለዚህም አራት መከራከሪያዎች ደረደረ። ከመላኩ በፊት ረቂቁን ያነበበች የሥራ ባልደረባው አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ከጉዳዩ ሁሉ ብዙ ትምህርት ያለው በዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው መከራከሪያ የቅጥያው ታሪክ ነበር። «-በት» የመጣው «በ» ከሚለው መስተዋድድ፣ «-ለት» ደግሞ «ለ» ከሚለው ነው፤ «በ» ጉዳትን አያመለክትም፤ ስለዚህ ቅጥያውም አያመለክትም ይላል። ችግሩ አንድ ምእላድ ከየት መጣ የሚለው ዛሬ ምን ይሠራል የሚለውን አለመመለሱ ነው። መስተዋድድ ግሥ ላይ ከተጣበቀ በኋላ አዲስ ትርጉም ቢይዝ የሚገርም ነገር የለም። ገምጋሚው «ድሮ መስተዋድድ ነበር፣ አሁን የጉዳት ምልክት ሆኗል» ቢሉ ደብዳቤው መልስ አልነበረውም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ሁለቱ ቅጥያዎች አንድ ግሥ ላይ አብረው አይመጡም የሚል ነበር። «ፈረደለትበት» አይባልም፤ አንዱን «-በት» ለመሣሪያ፣ ሌላውን ለጉዳት አድርጎ «ጻፈበትበት» ማለትም አይቻልም። ተመራማሪው ይህን የመሣሪያውና የጉዳቱ «-በት» አንድ ምእላድ ለመሆናቸው ማስረጃ አደረገው። ሆኖም በዚያው ስሌት «-ለት» እና «-በት»ም አንድ ምእላድ ሊባሉ ነው፤ እነሱም አብረው አይመጡምና። አብሮ አለመምጣት የሚያሳየው አንድ ቦታ መጋራታቸውን ብቻ ነው። የአማርኛ ግሥ እንዲህ ላለው ቅጥያ ያለው ቦታ አንድ ነው፤ ማንም ቢገባበት ሌላው ይቀራል።

ሦስተኛው ከቀደሙ የሰዋስው መጻሕፍት ጥቅስ መደርደር ነበር። ይህም ወደ መፍትሔ አልወሰደም። ቅጥያውን አንዱ በመስተዋድዱ፣ ሌላው በትርጉሙ፣ ሌላው በአገባቡ ይሰይመዋል። ገምጋሚውም በተራቸው የራሳቸውን ጥቅሶች መደርደር ይችላሉ፤ ደብዳቤውም የጥቅስ ልውውጥ ከመሆን አያልፍም ነበር።

አራተኛው «ቋንቋው አፍ መፍቻዬ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ግምገማው ማንነት የማይገለጥበት ስለሆነ ገምጋሚዋ ወይም ገምጋሚው አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ከዚያም በላይ ይህ ዓረፍተ ነገር የጸሐፊውን ማንነት ለመገመት መንገድ ይከፍታል። ያለማመንታት ተሰረዘ።

ማስረጃው እንደገና ሲደረደር

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ጠበብ ተደርጎ ተቀመጠ፦ «-በት» ባለበት ሁሉ ጉዳት አለ ወይ? ከሌለ፣ ጉዳቱ ባለበት ቦታ ከየት መጣ?

ቀላሉ ማስረጃ በአንጻራዊ ሐረጎች ውስጥ አለ። «የተወለደበት ቀን»፣ «የሚኖርበት ከተማ»፣ «የሚሠራበት መሥሪያ ቤት» ሲባል ማንም አልተጎዳም፤ ቅጥያው ወደ ጊዜው ወይም ወደ ቦታው ይመልሳል። ግን ደብዳቤው በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ ቀዳዳ ይኖረው ነበር። ገምጋሚው «በአንጻራዊ ሐረግ ውስጥ ያለው ሌላ «-በት» ነው፤ እኔ የምለው በዋና ዐረፍተ ነገር ያለውን ነው» ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ «በዚህ ብዕር ብዙ ደብዳቤ ጽፎበታል» እና «በዚህ ቤት ሰው ይኖርበታል» የመሳሰሉ ዋና ዐረፍተ ነገሮች ከፊት ተቀመጡ፤ አንጻራዊ ሐረጎቹ በድጋፍነት ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጠንካራው ማስረጃ ግን አንድ ጥንድ ግሥ ሆነ፦ «አተረፈበት» እና «ከሰረበት»። ነጋዴው በሬውን ሸጦ አተረፈበት፤ ሌላው ሸጦ ከሰረበት። ቅጥያው በሁለቱም አንድ ነው፤ ወደ በሬው ይመልሳል። ትርፉም ኪሳራውም ያለው ግሡ ውስጥ ነው። «-በት» የጉዳት ምልክት ቢሆን «አተረፈበት» እርስ በርሱ በተቃረነ ነበር። እንዲያውም «አተረፈለት» ብንል ትርጉሙ ይለወጣል፤ ለሌላ ሰው ትርፍ አስገኘለት ይሆናል እንጂ ስለ በሬው አይናገርም። «ኮራበት»፣ «ተደሰተበት»፣ «ታወቀበት» የሚሉትም በዚሁ ረድፍ ይገባሉ። በ«-ለት» በኩልም «ሰገደለት» እና «ተገዛለት» ቅጥያው ሁልጊዜ ጥቅም እንዳልሆነ ያሳያሉ፤ ሰው የሰገደለት ጣዖት ምን ተጠቀመ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቅጥያው ስግደቱ ወደ ማን እንደሄደ ብቻ ይነግራል።

«ሞተበት» የሚፈጥረው ችግር

ለገምጋሚው የሚመቸው ማስረጃ በአስተያየታቸው ውስጥ አልነበረም፤ ተመራማሪው ራሱ ነው ያገኘው። «ውሻው ሞተበት» ሲባል ውሻው የሞተው በሰውየው ላይ፣ በሰውየው ውስጥ ወይም በሰውየው መሣሪያነት አይደለም። «በሰውየው ውሻው ሞተ» ብሎ ያንኑ ማለት አይቻልም፤ «በዚህ ብዕር ጻፈ» ግን ይባላል። በተጨማሪ «ጠላቱ ሞተለት» የሚል አነጋገር አለ። ግሡ ያው «ሞተ» ሆኖ አንዱ ሐዘን፣ ሌላው እፎይታ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ቅጥያው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጉዳቱ ከግሡ መጣ ማለት አይቻልም።

ይህን በደብዳቤው መደበቅ ይቻል ነበር፤ ገምጋሚው አላነሱትምና። ተመራማሪው ግን አውጥቶ ጻፈው። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፦ በሁለተኛው ዙር ገምጋሚው ራሳቸው ቢያገኙት ኖሮ የቀረው ማስረጃ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ከዚያም በላይ ትንታኔውን አስተካከለለት። የመጨረሻው አቋም እንዲህ ሆነ፦ ግሡ መሣሪያ፣ ቦታ ወይም መነሻ ምክንያት የሚቀበል ሲሆን ቅጥያው እነዚህን ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ተሳታፊ በሌለበትና ቅጥያው ሰውን በሚጠቁምበት ጊዜ፣ በተለይ እንደ «ሞተ»፣ «ታመመ»፣ «ጠፋ» ባሉ ተሳቢ በማይወስዱ ግሦች ላይ፣ ድርጊቱ የነካው ሰው ይሆናል፤ ጉዳትም የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉዳት ከቅጥያው ንባቦች አንዱ ነው። ግሎስ ላይ የሚቀመጠው ምልክት ግን ለሁሉም ንባቦች የሚሆን መሆን አለበት፤ የየዐረፍተ ነገሩን ልዩ ስሜት ነጻ ትርጉሙ ይናገራል።

ምልክቱን መምረጥ

ሁለቱን ቅጥያዎች መለየት ግድ ስለሆነ በምን ምልክት የሚለው ቀረ። መጽሔቱ የሚከተለው የላይፕዚግ የግሎስ ደንቦችን ነው። በእነዚህ ደንቦች መጨረሻ ባለው የአህጽሮት ዝርዝር `APPL` እና `BEN` ሲኖሩ `MAL` የለም። ይህ ግን `MAL` የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ደንቦቹ ጸሐፊው በዝርዝሩ የሌለ ምልክት እንዲጠቀም ይፈቅዳሉ፤ በጽሑፉ የአህጽሮት ዝርዝር ውስጥ መፍታት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የዝርዝሩን ነገር እንደ መከራከሪያ ማቅረብ ከንቱ ነበር፤ ደብዳቤው ውስጥም አልገባም።

`APPL`ን ከመስተዋድዱ ፊደል ጋር በነጥብ ወይም በሁለት ነጥብ ማያያዝም ታስቦ ነበር። በደንቦቹ ውስጥ ነጥብ ማለት አንድ ምእላድ ከአንድ በላይ ፍቺ ይዟል ማለት ነው፤ ሁለት ነጥብ ደግሞ ሊከፈል የሚችል ነገር ሆን ተብሎ አልተከፈለም ማለት ነው። ሁለቱም እዚህ ላልታሰበ ትርጉም በር ይከፍታሉ። ተራ ቁጥር ግን ምንም ትንታኔ አይሸከምም፦

```
färräd-ä-ll-ät
judge.PFV-3SG.M.SBJ-APPL1-3SG.M.OBJ

färräd-ä-bb-ät
judge.PFV-3SG.M.SBJ-APPL2-3SG.M.OBJ
```

ቁጥሩ አንባቢን ወደ አህጽሮት ዝርዝሩ መላኩ ጉድለቱ ነው። ግን እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው እውነት ነው፤ `MAL` ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩን ሳያይ የተሳሳተ ነገር ይገነዘብ ነበር።

ደብዳቤው

ደብዳቤው የተጻፈው ለአዘጋጁ እንጂ ለገምጋሚው አይደለም። ልዩነቱ የትሕትና ብቻ አይደለም። የሚወስነው አዘጋጁ ነው፤ አዘጋጁ ደግሞ አማርኛ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሳሌ ከነጻ ትርጉሙ ጋር ቀረበ፤ መልሱም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የቱን እንደተቀበለና የቱን እንዳልተቀበለ ተናገረ። ስለ ግሎሱ ያለው ክፍል ሲታጠር እንዲህ ይነበባል፦

> ክቡር አዘጋጅ፦
>
> የገምጋሚ 2ን አስተያየት 3 በሁለት ከፍለን እንመልሳለን። ገምጋሚው ምሳሌ 4 እና 5 አንድ ዓይነት ግሎስ መያዛቸው ልዩነታቸውን ይሰውራል ብለዋል። ትክክል ናቸው፤ ተስተካክሏል። ሁለቱ ቅጥያዎች አሁን በጽሑፉ ሁሉ APPL1 እና APPL2 ተብለው ተለይተዋል።
>
> ሁለተኛውን ቅጥያ MAL እንድንል የቀረበውን ሐሳብ ግን አልተከተልንም። ምክንያቱ ቅጥያው ጉዳት በሌለበት መምጣቱ ነው። በምሳሌ 9 ሰውየው በብዕሩ ደብዳቤ ጽፏል፤ የተጎዳ የለም። በአዲሱ ምሳሌ 11 ደግሞ «አተረፈበት» እና «ከሰረበት» ጎን ለጎን ቀርበዋል፦ በአንዱ ነጋዴው በሸጠው በሬ አትርፏል፣ በሌላው ከስሯል፤ ቅጥያው ግን አንድ ነው።
>
> የገምጋሚውን ሐሳብ የሚደግፍ አንድ የግሦች ቡድን እንዳለ እናምናለን። «ሞተበት» እና «ሞተለት» የሚለያዩት በቅጥያው ብቻ ነው። ይህን በአዲስ የግርጌ ማስታወሻ ገልጸናል፤ በእነዚህ ምሳሌዎች ጉዳቱን ነጻ ትርጉሙ ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የተለወጡት ቦታዎች በገጽና በመስመር ተጠቅሰዋል፤ የግርጌ ማስታወሻው ሙሉ ቃልም ተገልብጦ ገብቷል። አዘጋጁ ሌላ ፋይል ሳይከፍት ሊፈርድ ይችላል። «እናመሰግናለን፣ እጅግ ጠቃሚ አስተያየት ነው» የሚለው በየመልሱ አልተደጋገመም፤ ደብዳቤው መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ተጽፏል።

በጽሑፉ ላይ የተደረገው እርማት

ቀላል ይመስል የነበረው መተካት የራሱ ችግር ነበረው። ሁለቱም ቅጥያዎች ቀድሞ አንድ ምልክት ስለነበራቸው `APPL` የሚለውን ፈልጎ በአንድ ጊዜ መተካት አይቻልም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከላዩ ካለው የምሳሌ መስመር ነው። የተሠራበት መንገድ በምሳሌ መስመሮቹ ውስጥ `-bb-` እና `-ll-` የሚለውን ከነሰረዙ መፈለግ ነበር። ሰረዙ ከቀረ እንደ «ሰበረ» ባሉ ግሦች ሥር ውስጥ የጠበቀው «በ» ሁሉ አብሮ ይወጣል። በሰረዙ ሲፈለግ ደግሞ ቅጥያው ሳይጠብቅ በአንድ `b` የተጻፈባቸው ምሳሌዎች ያመልጣሉ። የፊደል ጽሕፈታችን ማጥበቅን ስለማያሳይ «በት» ከሚለው በቀጥታ ሲገለበጥ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይሠራል። ስለዚህ `-b-` ም ለብቻው ተፈለገ፤ የተገኙትም ታረሙ።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ምሳሌ የሰረዞቹ ብዛት በላይኛውና በታችኛው መስመር እኩል መሆኑ ታየ። ገምጋሚ አንድ ቦታ ሰረዝ ሲጎድል ካየ የቀሩትን ግሎሶችም መጠራጠር ይጀምራል፤ ስለ ግሎስ በሚከራከር ደብዳቤ ደግሞ ይህ ክፉኛ ይጎዳል። በመጨረሻም የተመራማሪው ስም ከፋይሉ ባሕርያትና በኅዳግ ላይ ከቀሩ ማስታወሻዎች ተሰርዞ ለውጡ የሚታይበትና ንጹሑ ቅጂ አብረው ተላኩ።

ውጤቱ

አዘጋጁ መልሱን ተቀብለው ጽሑፉን ለገምጋሚ 2 መለሱት። ገምጋሚው ምልክቱን ተቀበሉ። በ«ሞተበት» ላይ ያለው ማስታወሻ ግን ከግርጌ ወጥቶ ወደ ዋናው ጽሑፍ እንዲገባና ቅጥያው «ከትርጉም ነጻ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዲለዝብ ጠየቁ። ሁለቱም ተደረጉ። «ከትርጉም ነጻ» የሚለው «ጉዳትን ብቻ የማያመለክት» በሚል ተተካ፤ ማስረጃው የሚፈቅደውም ይህን ያህል ብቻ ነው።

ለሌላ ቅጥያ ክርክር የሚያገለግል

የገምጋሚን አስተያየት ከመመለስ በፊት «ምልክቱ ትክክል አይደለም» የሚለውን «ልዩነት ተሰውሯል» ከሚለው መነጠል በማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። ልዩነት ተሰውሯል የሚለው ክስ የሚፈተነው ቅጥያው ብቻ በሚለያያቸው ጥንዶች ነው፤ እዚህ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» እንደሆኑት። ምልክቱ ትክክል አይደለም የሚለው ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይፈተናል፦ ቅጥያው ሳይለወጥ ትርጉሙ የሚገለበጥባቸውን ግሦች መፈለግ ነው፤ «አተረፈበት» እና «ከሰረበት» ያደረጉት ይህንን ነው። ሁለቱም ዓይነት ጥንዶች ከተገኙ ደብዳቤው አጭር ይሆናል። የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ከተገኘ ገምጋሚው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሌላው ያልተጠየቀውን አለመክፈት ነው። በእነዚሁ ምሳሌዎች መጨረሻ ያለው የተሳቢ ቅጥያ ስምምነት ነው ወይስ ተውላጠ ስም የሚለው በአማርኛ ጥናት ውስጥ ራሱን የቻለ ክርክር አለው። በላይፕዚግ ደንቦች ሰረዝ የቅጥያ፣ የእኩል ምልክት ደግሞ ከቃል ጋር የሚለጠፍ ጥገኛ ቃል ወሰን ስለሆነ `-ät` ወይም `=ät` ብሎ መጻፍ ብቻውን ወገን እንደመያዝ ይቆጠራል። ገምጋሚው ይህን ስላላነሱት ደብዳቤው አልነካውም። በጽሑፉ የአህጽሮት ዝርዝር ሥር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፦ ሰረዙ ለአጻጻፍ ምቾት የገባ እንጂ በዚያ ክርክር ላይ አቋም አይደለም።